የመጀመሪያው ኪት መስመር አሳይቶ ሁለተኛው ባዶ ሲሆን ምን እናድርግ?

ይሄን የምፅፈው ኤኤንሲና ቪሲቲ ክፍል ውስጥ ጣት እየወጉ የኤች አይ ቪ ፈጣን ምርመራ ለሚሰሩ አዋላጆች፣ ነርሶችና የላብ ልጆች ነው። እኔም ላብ ውስጥ ነው ያለሁት፣ እና በተደጋጋሚ የማየው ችግር አንድ ነው፣ የመጀመሪያው ኪት ሪአክቲቭ ሲል "ፖዘቲቭ" ብሎ መደምደም።

አንድ ቀን አንዲት አዋላጅ ካሴት ይዛ ላብ መጣችና "ወንድሜ ይቺን እያት፣ መስመር አላት አይደል? የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፣ እንዴት ብዬ ነው የምነግራት" አለችኝ። አየሁት፣ የኮንትሮል መስመሩ ደማቅ ነው፣ የቴስቱ መስመር ግን ካሴቱን ወደ መብራት ስታዘነብለው ብቻ የሚታይ ስስ ነገር ነው። "እህቴ እስካሁን ምንም አልነገርሻትም አይደል?" አልኳት፣ አልነገረቻትም፣ እግዜር ይስጣት።

ከዚህ ቀጥሎ ያደረግነውን በየተራው ልንገራችሁ፣ ግን መጀመሪያ ለምን አንደኛው ኪት ብቻውን ውጤት እንደማይሆን በቁጥር እንየው።

ችግር፦ አንደኛው ኪት ሪአክቲቭ፣ ሁለተኛው ኖን ሪአክቲቭ

*ምክንያቱ*

የመጀመሪያው ኪት የሚመረጠው ቫይረሱ ያለበትን ሰው እንዳያመልጠው ነው፣ ስለዚህ የመረቡ ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ ያልሆነውንም ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንደኛው ኪት የሚጠይቀው ቫይረሱ የሌለበትን ሰው ኔጌቲቭ ብሎ የመለየት አቅም ቢያንስ 98 በመቶ ነው፣ ለሁለተኛውና ለሶስተኛው ደግሞ ቢያንስ 99። 98 በመቶ ሲባል ጥሩ ይመስላል አይደል? እስቲ 10,000 ሰው እንመርምር። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የኢትዮጵያ ዲሞግራፊና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ቫይረሱ የተገኘባቸው 0.9 በመቶ ናቸው፣ ለስሌት እንዲመች 1 በመቶ እንበለው። ስለዚህ 100 ሰው ቫይረሱ አለበት፣ 9,900 የለበትም። ከ9,900ው 2 በመቶውን ኪቱ በስህተት ቢይዝ 198 ሰው ነው። መቶዎቹም በሙሉ ተያዙ እንበል፣ ጠቅላላ 298 መስመር ያሳየ ካሴት አለ፣ ከነዚህ ውስጥ ግን እውነተኛው 100 ብቻ ነው። ማለትም አንደኛው ኪት ላይ መስመር ካዩት ከሶስቱ ሁለቱ የሚጠጋው ቫይረሱ የለበትም! ኪቱ ተበላሽቶ አይደለም፣ በተፃፈለት ልክ እየሰራ ነው፣ ቫይረሱ ያለበት ሰው ጥቂት ሲሆን የስህተቱ ድርሻ ይበዛል።

አሁን እነዚህን 298 ብቻ በሁለተኛው ኪት እንመርምራቸው፣ ተከታታይ ምርመራ ማለት ይሄ ነው፣ ሁሉንም ሰው በሁለቱም ኪት አንመረምርም፣ የመጀመሪያው ባዶ ከሆነ እዛው ያበቃል። ከ198ቱ 1 በመቶ ቢሳሳት 2 ሰው ይቀራል። 100 እውነተኛ ከ2 ስህተት ጋር፣ ትክክል የመሆን ዕድሉ 98 በመቶ ገደማ ነው። ድርጅቱ የሚፈልገው ግን ቢያንስ 99 ስለሆነ ሁለት ኪት አልበቃም፣ ሶስተኛው ሲጨመር ከ2ቱ የሚተርፈው 0.02 ነው፣ ማለትም አንድ ሰው በስህተት ፖዘቲቭ እንዲባል 500,000 ሰው መመርመር አለበት።

ይሄ ስሌት ግን አንድ የተደበቀ ግምት አለው፣ ሶስቱ ኪቶች በተለያየ ምክንያት ይሳሳታሉ የሚል። የሁለት ኪት አንቲጂን ተመሳሳይ ከሆነ አንደኛውን ያሳሳተው ፀረ እንግዳ አካል ሁለተኛውንም ያሳስተዋል፣ ያኔ ማረጋገጫው ማረጋገጫ አይደለም፣ አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነው። ለዛ ነው የኪቶቹ ቅንጅትና ተራ በአገር ደረጃ ተፈትሾ የሚወሰነው፣ እኛ ደግሞ ስቶክ ሲያልቅ በራሳችን ተራ መቀያየር የማይገባን። ሁለተኛው ኪት አልቆ "ያው በአንደኛው እንድገመው" ሲባል ሰምቻለሁ፣ አይሆንም፣ ያኔ ሰውየውን ኪቱ ወዳለበት ቦታ ማገናኘት ነው።

*መፍትሄው*

ሁለተኛው ባዶ ከሆነ አንደኛውን ኪት በአዲስ ካሴት ድገሙት። የተደገመው ኖን ሪአክቲቭ ከሆነ ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው። አሁንም ሪአክቲቭ ካለ ውጤቱ "ያልተወሰነ" ነው፣ ሰውየው ከ14 ቀን በኋላ ተመልሶ ሙሉው ምርመራ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ፖዘቲቭ ብሎ መፃፍ በፍፁም የለም፣ ኤአርቲ መጀመርም የለም።

ወደ ነፍሰጡሯ ስመለስ፣ ሁለተኛውን ኪት ሰራን፣ ባዶ። አንደኛውን ለመድገም ስንዘጋጅ አዋላጇን "ስንት ሰዓት ላይ ነው ያነበብሽው?" አልኳት። ደም አድርጋ በፈር ከጨመረች በኋላ ማዋለጃ ክፍል ተጠርታ ሄዳ ነበር፣ ስትመለስ 35 ደቂቃ ሆኖታል። ስታትፓክ ነበር፣ እሱ የሚነበበው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ብቻ ነው። ጊዜው ካለፈ ካሴቱ ይደርቅና ደሙ ወደ ኋላ ተመልሶ መስመሩ ቦታ ላይ ጥላ ሊተው ይችላል። ጣቷን እንደገና ወግተን፣ በሉፑ 5 ማይክሮሊትር ደም፣ 3 ጠብታ በፈር፣ ሰዓት ሞልተን አጠገቡ ቆምን። 15ኛው ደቂቃ ላይ ባዶ፣ 20ኛውም ላይ ባዶ። ኔጌቲቭ ተብሎ ተመዘገበ። ሴትየዋ በዛች 1 ሰዓት ውስጥ ምን ሊነገራት እንደነበር አታውቅም።

ችግር፦ ስስ መስመር፣ "ይቆጠር ወይስ አይቆጠር?"

በተፈቀደው ደቂቃ ውስጥ የታየ መስመር ምንም ያህል ስስ ቢሆን ሪአክቲቭ ነው፣ ወደ ሁለተኛው ኪት ይሄዳል። "ስስ ስለሆነ ኔጌቲቭ ነው" ብሎ መተው ከባድ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ቫይረሱ በቅርቡ የገባበት ሰው ፀረ እንግዳ አካሉ ገና ትንሽ ስለሆነ መስመሩ እንደዛው ስስ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው የሐሰት መስመርም አብዛኛውን ጊዜ ስስ ነው። ስለዚህ ቅጥነቱ አይነግራችሁም፣ የሚነግራችሁ ቀጣዩ ኪት ነው። ደቂቃው ካለፈ በኋላ የተነበበ ካሴት ግን ደማቅም ይሁን ስስ ይጣላል፣ እንደገና ይሰራል። የኮንትሮል መስመር ከሌለም እንደዚሁ፣ የቴስቱ መስመር ቢኖር እንኳ ካሴቱ ዋጋ የለውም።

ምንም ስህተት ሳንሰራ የሚመጣ የሐሰት መስመርም አለ። እርግዝና፣ የራስን አካል የሚያጠቃ በሽታ፣ ሌላ ኢንፌክሽን፣ ሰውነት ብዙ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል እንዲያመርት የሚያደርግ ነገር ሁሉ ኪቱን ሊያሳስት ይችላል። መተማና ሁመራ አካባቢ የሚሰሩ ካላዛርን ያስቡ፣ እሱ ሰውነትን በፀረ እንግዳ አካል የሚያጥለቀልቅ በሽታ ነው።

ችግር፦ አንደኛና ሁለተኛ ሪአክቲቭ፣ ሶስተኛ ባዶ

እዚህ ጋ የድሮው ልማድ ያስቸግራል። ለብዙ ዓመት ኬኤችቢ፣ ከዛ ስታትፓክ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ዩኒጎልድ እየተባለ ነው የተሰራው፣ ሁለቱ ሪአክቲቭ ካሉ ፖዘቲቭ ነው፣ ካልተስማሙ ደግሞ ዩኒጎልድ ዳኛ ሆኖ ይፈርዳል፣ ታይ ብሬከር የምንለው። ችግሩ የዳኛው ነገር ነው። ቅድም ባየነው ስሌት አንደኛው በስህተት ይዟቸው ሁለተኛው የለቀቃቸው 196 ሰዎች አሉ፣ እነሱን ለዳኛ ስትሰጣቸው ዳኛውም 1 በመቶ ቢሳሳት 2 ሰው ተመልሶ ፖዘቲቭ ይሆናል። ማለትም የሐሰቱ ቁጥር ከ2 ወደ 4 ያድጋል፣ ማረጋገጫ ብለን ያስገባነው ኪት ስህተቱን እጥፍ አደረገው። ሶስተኛው ኪት ጥፋተኛ አይደለም፣ የተሰጠው ቦታ ነው ጥፋቱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለሁሉም አገር ሶስት ተከታታይ ሪአክቲቭ ያለው ደግሞ ቅድም ባየነው ምክንያት ነው፣ ቫይረሱ ያለበት ሰው ጥቂት ሲሆን ሁለት ሪአክቲቭ ብቻ 99 በመቶ ስለማይደርስ።

ስለዚህ ሁለቱ ሪአክቲቭ ሆነው ሶስተኛው ባዶ ከሆነ "ሁለት ለአንድ ነው" ተብሎ በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። ያልተወሰነ ነው፣ 14 ቀን። ቫይረሱ በቅርቡ የገባበት ሰው ከሆነ በነዚህ ቀናት ፀረ እንግዳ አካሉ ስለሚጨምር ሶስቱም መስማማት ይጀምራሉ። ከ14 ቀን በኋላም ካልተስማሙ ወደ ከፍተኛ ላብ ይላካል። ነፍሰጡር ወይም የምታጠባ ከሆነች 14 ቀኑን ዝም ብሎ መጠበቅ ለልጁ አደጋ ሊሆን ስለሚችል የዛኑ ቀን ሐኪም ያማክራት።

ለሰውየው ምን እንበለው? "ምርመራው ዛሬ አላለቀም፣ ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም አላልንም፣ በዚህ ቀን ተመለስ።" ቀኑን ፅፋችሁ ስጡት። "ትንሽ ምልክት አለ" የሚባል አነጋገር ግን ሰውን ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ይነሳል።

ችግር፦ ድንገት ብዙ የማይስማማ ውጤት መጣ

አንድ ክፍል ውስጥ በሳምንት አንዴ የሚታየው አለመስማማት በቀን ሶስት አራት ከሆነ ሰዎቹን ሳይሆን ሎግቡኩን ተመልከቱ። መጀመሪያ የሎት ቁጥሩን፣ አለመስማማቱ አዲስ ካርቶን ከተከፈተ ቀን ይጀምራል? ከዛ በፈሩን፣ የአንዱ ኪት በፈር አልቆ የሌላው ሲደረግ አይቻለሁ፣ ለእያንዳንዱ ኪት የተሰራ ስለሆነ አይተካካም። ከዛ የሙቀት መጠኑን፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ ካርቶን ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ከዛ ማን እንደሰራው፣ አለመስማማቱ በአንድ ሰው ፈረቃ ላይ ብቻ ከሆነ ጊዜ አያያዙን አብራችሁት ቆማችሁ እዩ፣ ሳትወቅሱት። የታወቀ ኔጌቲቭና የታወቀ ፖዘቲቭ ናሙና በአዲሱ ሎት ላይ ሰርታችሁ ኔጌቲቩ መስመር ካሳየ ሎቱን አቁማችሁ ሪፖርት አድርጉ።

ችግር፦ ሶስቱም ሪአክቲቭ፣ ግን ኤአርቲ ከመጀመሩ በፊት ሲደገም ባዶ

ይሄ ሲሆን ብዙ ሰው ኪቱን ይጠረጥራል፣ ሶስት ኪት አንድ ላይ መሳሳቱ ግን ብርቅ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተው ስም ነው። ሁለት ካሴት ጎን ለጎን ተቀምጦ ቁጥር ሳይፃፍበት፣ ወይም ውጤቱ ሎግቡክ ላይ አንድ መስመር ወርዶ። ተከታታይ ምርመራ ይሄን አይዘውም፣ ምክንያቱም ሶስቱም ኪት የሰሩት በዛው በተለዋወጠ ደም ላይ ነው። የሚይዘው ከህክምና በፊት የሚደረገው ድጋሚ ምርመራ ነው፣ እሱም አዲስ ደም ተወስዶ፣ ቢቻል በሌላ ባለሙያ፣ ከአንደኛው ኪት ጀምሮ በሙሉ። የድሮውን ናሙና ከማስቀመጫ አውጥቶ መድገም ስሙ የተሳሳተውን ብልቃጥ ደግሞ ማረጋገጥ ብቻ ነው።

እንዲህ ካጋጠማችሁ የዛን ቀን ከሱ በፊትና በኋላ የተመረመሩትን ሁለት ሶስት ሰዎች ፈልጉ፣ ምክንያቱም ደሙ የሌላ ሰው ከነበረ ኔጌቲቭ ተብሎ የተሸኘ አንድ ሰው ውጭ አለ። እና ሰውየው ቀድሞ ኤአርቲ ጀምሮ ደብቆ እንደሆነም በእርጋታ ጠይቁ፣ መድሃኒቱ ፀረ እንግዳ አካሉን ሊቀንስና ኪቱን ባዶ ሊያደርግ ይችላል። መድሃኒት ላይ ያለን ሰው "እስቲ ለቀቀኝ ወይ" ብሎ ሲመጣ በፈጣን ኪት አንመረምረውም፣ ባዶ ቢወጣ መድሃኒቱን ያቆማል።