ደንበኛው ከሽያጭ ቀጠሮ ሲቀር የሚላከው ኢሜይል፦ ችግርና መፍትሄ

አንድ ሻጭ የመጋዘን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ለማሳየት ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት በጉግል ሚት ቀጠሮ ይዟል እንበል። ደንበኛው የአንድ ጅምላ አከፋፋይ የግዢ ኃላፊ ናቸው፤ ስማቸውን አቶ አበበ ከበደ እንበላቸው። ሻጩ 15 ደቂቃ ጠበቀ፣ ማንም አልገባም። በ16ኛው ደቂቃ ይህን ላከ፦

«ክቡር አቶ ከበደ፣ ዛሬ በ8 ሰዓት በቀጠሯችን ስላልተገኙ ቡድናችን ሲጠብቅዎት ቆይቷል። የቀሩበትን ምክንያትና በቀጣይ መቼ እንደሚመችዎት ቢያሳውቁን። እስከዚያው የተያያዘውን ባለ 24 ገጽ ማብራሪያ አንብበው፣ ከታች ባለው ሊንክ ቪዲዮውን ተመልክተው፣ በዋጋ ማቅረቢያው ላይ አስተያየትዎን ይላኩልን።»

ጨዋ ይመስላል። ግን መልስ የማያስገኝበት ምክንያት ሞልቶበታል። ከሚታየው ምልክት ተነስተን አንድ በአንድ እንየው።

ምልክት፦ ምንም መልስ የለም

ኢሜይሉ የሚጠይቀውን ይቁጠሩ፦ ምክንያት ይንገሩን፣ ጊዜ ይምረጡ፣ ያንብቡ፣ ይመልከቱ፣ አስተያየት ይስጡ። አምስት ሥራ ነው። ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የሚሮጥ ሰው በስልኩ ከፍቶ ሲያየው «ማታ ረጋ ብዬ እመልሳለሁ» ይላል፤ ማታ ደግሞ ሌላ 30 ኢሜይል ከላዩ ተደርቦበታል።

መፍትሄው አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ ነው። ማብራሪያውም፣ ቪዲዮውም፣ ዋጋውም ይውጡ፤ ቦታቸው ስብሰባው ነው። ምክንያቱን መጠየቅ ደግሞ ጨርሶ ይቅር። ሰውየው ረስተውት ከሆነ ወይ ሊዋሹ ወይ ሊያፍሩ ነው፤ ሁለቱም ዝም ያሰኛቸዋል።

ኢሜይሉ ሳይደርስ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ከባድ ፋይልና ብዙ ሊንክ የያዘ መልእክት ስፓም ውስጥ የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው። ቀጠሮው በተያዘበት የቆየ ኢሜይል ላይ «መልስ» ብለው ቢጽፉ ርዕሱ Re: ብሎ ይመጣል፤ ደንበኛውም ስለ ምን እንደሆነ ሳይከፍቱት ያውቃሉ።

ምልክት፦ «ይቅርታ፣ እደውልልዎታለሁ» ብለው ጠፉ

ሰውየው ፈቃደኛ ናቸው። የጎደለው ቀን ነው። «መቼ ይመችዎታል?» የሚለው ጥያቄ ትህትና ቢመስልም ሥራውን ወደ ደንበኛው ያዞራል፦ አጀንዳቸውን ከፍተው፣ ክፍት ሰዓት ፈልገው፣ ለእርስዎ ይመች እንደሆነ ገምተው መጻፍ አለባቸው። ስለዚህ ቀንና ሰዓቱን ራስዎ ያቅርቡ፣ በ«ይመቸኛል» ወይም «አይመቸኝም» የሚመለስ ይሁን። ከሁለት የሥራ ቀን በኋላ ያለ ጠዋት ጥሩ ነው። ዓርብ እኩለ ቀን አካባቢን ይተዉት፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሆነ ሰው አያገኙም።

ጊዜውንም ያሳጥሩት። የቀረው ስብሰባ የአንድ ሰዓት ከነበረ አዲሱን 15 ደቂቃ ያድርጉት፤ አንዴ ለቀረ ሰው ሌላ አንድ ሰዓት ዕዳ ሆኖ ይታየዋል።

ምልክት፦ መልሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ወይም ተቆጥተዋል

«አልተገኙም» የሚለውን ቃል ጮክ ብለው ያንብቡት። የሥራ ቦታ መቅረት መቆጣጠሪያ ላይ የሚጻፍ ቃል ነው። «ሲጠብቅዎት ቆይቷል» ደግሞ ወቀሳ ነው፣ «እባክዎ» ቢጨመርበትም አይለዝብም። በምትኩ «ሳንገናኝ ቀረን» ይበሉ። ቃሉ ሁለታችሁንም ይይዛል፤ ማን እንደቀረ ሁለታችሁም ታውቁታላችሁና መናገር አያስፈልግም። ላልሠሩት ጥፋት ይቅርታ መጠየቅም አይገባም፣ አሽሙር ይመስላል።

ሁለተኛው ጥፋት ስሙ ነው። የሽያጭ ሶፍትዌሮች የመጨረሻውን ስም ወስደው ሰላምታ ይሠራሉ፤ «አቶ ከበደ» የተባሉት የደንበኛው አባት ናቸው። ሳይልኩ በፊት በእጅዎ «አቶ አበበ» ብለው ያስተካክሉ። ሦስተኛው፣ ሲሲ ላይ የደንበኛውን አለቃ መጨመር ነው። ይህ ክስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ትህትናዎ ዋጋ የለውም።

ምልክት፦ ደንበኛው በሌላ ሰዓት ብቅ አሉ

ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ከሆነ ችግሩ የሰዓት አቆጣጠራችን ነው። «10:00» ብለው የጻፉትን እርስዎ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው ያሉት፤ እሳቸው ግን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ብለው አነበቡት። ልዩነቱ 1 ሰዓት ከሆነና ደንበኛው ለምሳሌ ዋሽንግተን ከሆኑ፣ የአሜሪካ ሰዓት በማርች ወይም በኖቬምበር ተቀይሮ ይሆናል። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ትቀድማለች።

በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የእርስዎ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመጻፍዎ በፊት የላኩትን ግብዣ ከፍተው ይዩ። ያምታታው እርስዎ ከሆኑ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ሰዓቱን በግልጽ ስላልጻፍኩ ይቅርታ» ይሁን፤ ሌላው አይቀየርም። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱንም ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። የካላንደር ግብዣም ይላኩ፤ ሰዓቱን በተቀባዩ አገር ሰዓት ቀይሮ የሚያሳየው እሱ ነው፣ ኢሜይል ውስጥ የተጻፈ ጽሑፍ አይቀይርም።

የተስተካከለው ኢሜይል

> ርዕስ፦ Re: የመጋዘን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ማሳያ
>
> ጤና ይስጥልኝ አቶ አበበ፣
>
> ዛሬ ማክሰኞ በ8 ሰዓት ሳንገናኝ ቀረን፤ ድንገተኛ ሥራ ገጥሞዎት ይሆናል።
>
> የቃሊቲውና የመርካቶው መጋዘን ክምችት በአንድ ገጽ እንዴት እንደሚታይ በ15 ደቂቃ ላሳይዎት። ሐሙስ ኅዳር 4፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 13፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ማለትም 10:00 AM ይመችዎታል?
>
> «ይመቸኛል» ብለው ቢመልሱልኝ ግብዣውን ወዲያው እልካለሁ።
>
> ከአክብሮት ጋር፣
> ስምና ስልክ ቁጥር

ሙሉ ኢሜይሉ ከ50 ቃል ብዙም አያልፍም፤ ስልክ ላይ ሳይንሸራተት ይነበባል። ስለ ሁለቱ መጋዘኖች የተጠቀሰው ለጌጥ አይደለም። ደንበኛው ቀጠሮውን ሲይዙ ያነሱት ችግር እሱ ነበርና፣ ለምን እንደተቀጣጠሩ ያስታውሳቸዋል። እርስዎም ከድሮው ደብዳቤያችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ነገር ይፈልጉ፤ ካጡ «ስለ ምርታችን» ብለው ከመሙላት ቢተዉት ይሻላል።

መቼ ይላክ፣ መቼ ይቁም

ቀጠሮው ባለፈ በ5ኛው ደቂቃ አንዴ ይደውሉ። ካላነሱ 15 ደቂቃ ጠብቀው ይውጡ፣ ኢሜይሉን ግን ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ በዚያው ቀን ይላኩ። በ16ኛው ደቂቃ የደረሰ ኢሜይል፣ ሰውየው ስብሰባ ላይ ሳሉ ስልካቸው ላይ የሚታይ ቁጣ ነው። በቴሌግራም የምትጻጻፉ ከሆነ «ኢሜይል ልኬልዎታለሁ» የሚል አንድ መስመር ይበቃል፤ ኢሜይሉን እዚያ መድገም አያስፈልግም።

መልስ ከሌለ ከ3 የሥራ ቀን በኋላ በዚያው ደብዳቤ ላይ አዲስ ቀን አቅርበው አንዴ ይጻፉ። ያም ዝም ከተባለ ከሳምንት በኋላ የመጨረሻውን ይላኩ፦ «አቶ አበበ፣ አሁን ጊዜው ያልሆነ ይመስለኛል። ሲያስፈልግዎ በዚህ ኢሜይል ይጻፉልኝ፣ በዚያው ቀን እመልሳለሁ።» ብዙ ጊዜ መልስ የሚመጣው ለዚህኛው ነው፣ ምክንያቱም ምንም አይጠይቅም። ካልመጣ አራተኛ አይላኩ።