ባሕር ዳርና ጎርጎራ ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮችን በቀጥታ እንዴት ማገናኘት ይቻላል?

ባሕር ዳር ያለ የቪዲዮ ማቀነባበሪያ ቤት፣ ከጣና ማዶ ጎርጎራ ካለ ባልደረባው ጋር ትልልቅ ፋይሎችን በቀጥታ መለዋወጥ ይፈልጋል እንበል። ኢንተርኔት በሁለቱም ዘንድ በደንብ ይሠራል። አንዱ የሌላውን ኮምፒውተር ሲጠራ ግን መልስ የለም። መንገዱን የሚዘጋው ራውተሩ የሚሠራው የአድራሻ ለውጥ ነው፤ በራውተሩ ገጽ ላይ `NAT` ተብሎ ይታያል።

የባሕር ዳሩ ኮምፒውተር የውስጥ አድራሻ 192.168.1.12 ነው። ይህንኑ ቁጥር ሌሎች ብዙ ቤቶችም ስለሚጠቀሙበት ኢንተርኔት ላይ አያደርስም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ በፖርት 51820 መልእክት ወደ ውጭ ሲልክ ራውተሩ የላኪውን አድራሻና ፖርት በራሱ ይተካና ለውጡን ሠንጠረዥ ላይ ይመዘግባል (የውጭው አድራሻ ለምሳሌ ያህል ነው)፦

```
192.168.1.12:51820  ->  203.0.113.25:40211
```

መልሱ ወደ 40211 ሲመጣ ራውተሩ ይህን መስመር አይቶ ለትክክለኛው ኮምፒውተር ያደርሳል። ጎርጎራ ያለው ባልደረባ ቀድሞ ሲደውል ግን የሚመለከተው መስመር ገና አልተመዘገበም። ራውተሩ ለማን እንደሚሰጠው ስለማያውቅ ፓኬቱን ይጥለዋል። ሁለቱም ራውተሮች እንዲህ ስለሚያደርጉ ከሁለቱ ማንም ግንኙነቱን መጀመር አይችልም።

መጀመሪያ የሚደረገው ምርመራ ነው። የራውተሩን ገጽ ከፍተው `WAN IP` የሚለውን ቁጥር ይመልከቱ፤ ከዚያ ይህን ትእዛዝ ያስኪዱ፦

```
curl -4 ifconfig.me
```

ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ፣ በተለይ የራውተሩ ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ፣ አገልግሎት ሰጪው ከእርስዎ ራውተር በላይ ሌላ የአድራሻ ለውጥ ይሠራል ማለት ነው። በቤትዎ ራውተር ፖርት ቢከፍቱ ከላይ ያለው አያውቀውምና ከንቱ ድካም ነው። ብዙ ሰው ቀናት የሚያባክነው ይህን ሳያይ ነው።

ቁጥሮቹ አንድ ከሆኑ ነገሩ ቀላል ነው። ለኮምፒውተሩ 192.168.1.12 እንዳይቀየር አድርገው ያስይዙለት፤ ከዚያ `Port Forwarding` ውስጥ ገብተው የዩዲፒ ፖርት 51820ን ወደ እሱ ይምሩ። ከሁለቱ ወገኖች አንዱ ይህን ካደረገ በቂ ነው። ሙከራውን በሞባይል ዳታ ከውጭ ያድርጉት፤ ከዚያው ቤት ሆነው የራስዎን የውጭ አድራሻ ሲጠሩ ብዙ ራውተሮች አይመልሱም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ አዲስ የውጭ አድራሻ ሊይዝ ስለሚችል፣ ግንኙነቱ በድንገት ከቆመ መጀመሪያ እሱን ያጣሩ።

ፖርት መክፈት ካልተቻለ ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ እንዲጀምሩ ይደረጋል። ሁለቱም የሚያውቁት ሦስተኛ ሰርቨር ለእያንዳንዳቸው የሌላውን የውጭ አድራሻና ፖርት ይነግራል። ባሕር ዳር የሚልከው የመጀመሪያ ፓኬት ጎርጎራ ደርሶ ሊጣል ይችላል፤ ነገር ግን ሲወጣ በራሱ ራውተር ላይ መስመር አስመዝግቧል። ከጎርጎራ የሚመጣው ፓኬት እንግዲህ እንደ መልስ ተቆጥሮ ይገባል።

ይህ የሚሠራው ራውተሩ ለአንድ የውስጥ ፖርት ሁልጊዜ ያንኑ የውጭ ፖርት ሲሰጥ ነው። ኡቡንቱ ላይ `stuntman-client` የተባለውን ጭነው በሁለቱም ቦታ ይሞክሩት፦

```
stunclient --localport 40000 stun.l.google.com 19302
stunclient --localport 40000 stun.cloudflare.com 3478
```

`Mapped address` በሚለው መስመር ላይ ሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ፖርት ከወጣ ተስፋ አለ። ከተለያየ ራውተሩ ለእያንዳንዱ መድረሻ አዲስ ፖርት ይሰጣል፤ ሰርቨሩ ያየው ፖርት ለባልደረባዎ አይሠራም። በሁለቱም ወገን እንዲህ ከሆነ ቀጥታው መንገድ እንደማይሆን ቆጥረው፣ የሁለቱን መልእክት የሚያስተላልፍ የውጭ አድራሻ ያለው ሰርቨር ይከራዩ። ፋይሉ ሁሉ በእሱ ውስጥ ስለሚያልፍ የዳታ ወጪውን አስቀድመው ያስሉ።

ከተገናኙ በኋላ የሚመጣው ችግር ዝምታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የአድራሻ ለውጥ ደረጃ፣ ራውተሮች የዩዲፒ መስመርን ቢያንስ ለ2 ደቂቃ እንዲያቆዩ ይላል፤ በ30 ሰከንድ የሚሰርዙ ግን አሉ። ምልክቱ ይታወቃል፦ ፋይል ሲተላለፍ ሁሉ ደህና ነው፤ ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ ከጎርጎራ የሚመጣው አይገባም፤ ከባሕር ዳር አንድ ነገር ሲላክ እንደገና ይከፈታል። ሁለቱን ኮምፒውተሮች ለማገናኘት ዋየርጋርድ የተባለውን የቪፒኤን ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነ ከራውተር ጀርባ ያለው ወገን በ`[Peer]` ክፍል ውስጥ ይህን ይጨምር፦

```
PersistentKeepalive = 25
```

በየ25 ሰከንዱ የምትወጣው ትንሽ ፓኬት መስመሩ ከሠንጠረዡ እንዳይሰረዝ ታደርጋለች።