ዋርፋሪን ሲያንስ፣ ዋርፋሪን ሲበዛ፦ የኢንዛይም ኢንዳክሽንና ኢንሂቢሽን ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ ዝርዝሩን ይወጣዋል። ሪፋምፒሲን ኢንዱሰር ነው፣ ሜትሮኒዳዞል ኢንሂቢተር ነው ብሎ ይጽፋል። ዋርድ ሲገባ ግን "ኢንዱሰር ጀምሬያለሁ" የሚል ታካሚ አያገኝም። የሚያገኘው ምልክቱን ነው። አይኤንአር ወርዷል፣ ድድ ይደማል፣ የእርግዝና መከላከያ የምትወስድ ሴት አርግዛለች። እኛም ከምልክቱ እንነሳ።

በብዛት የማወራው ስለ ዋርፋሪን ነው። ኢንዛይሙ ሲጨምርም ሲታገድም አይኤንአር ላይ በቁጥር ይታያል። አገራችን ውስጥ ደግሞ በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ዋርፋሪን የሚወስዱ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም።

ችግር አንድ፦ ረግቶ የቆየው አይኤንአር በሁለት ሳምንት ውስጥ ወረደ

ለማስተማሪያ አንድ ታካሚ እናስብ። የ34 ዓመት ሴት ናት። ሚትራል ቫልቯ ጠብቧል፣ የልብ ምቷም የተዛባ ነው። በቀን 5 ሚሊግራም ዋርፋሪን ትወስዳለች። መሆን ያለበት አይኤንአር ከ2 እስከ 3 ነው፣ የእሷ ለወራት 2.4 አካባቢ ቆይቷል። አሁን 1.4 ሆኗል።

መጀመሪያ ወደ አፍ የሚመጣው "መድኃኒቱን አቋርጠሻል" የሚል ወቀሳ ነው። ከመውቀስ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ያለፈ ኪኒን አለ ወይ? አመጋገብ ተቀይሯል ወይ? ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው በጾም ወቅት በብዛት ከተበላ አይኤንአርን ያወርዳል። ሦስተኛውና ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ "ባለፉት ሁለት ወራት የጀመርሽው ወይም ያቆምሽው መድኃኒት አለ?" ማቆምን መጠየቅ አትርሱ። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ይታያል።

ታካሚያችን ከሁለት ሳምንት በፊት የቲቢ ሕክምና ጀምራለች። ኪኒኑ ውስጥ ሪፋምፒሲን አለ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሪፋምፒሲን የጉበት ሴል ውስጥ ፒኤክስአር ከሚባል ተቀባይ ጋር ይጣበቃል። ተቀባዩም የኢንዛይም ጂኖችን ያነሳሳል። ጉበት ሲፕ3ኤ4፣ ሲፕ2ሲ9 እና ሌሎችንም በብዛት መሥራት ይጀምራል። ዋርፋሪን የሁለት መንትያ ሞለኪውሎች ድብልቅ ነው። ጠንካራው ኤስ-ዋርፋሪን ሲሆን እሱን የሚያስወግደው በዋናነት ሲፕ2ሲ9 ነው። ኢንዛይሙ ሲበዛ ዋርፋሪኑ ቶሎ ይወገዳል፣ ደም የማቅጠን አቅሙም ያንሳል።

ኢንዛይም ለመሥራት ጊዜ ይፈጃል። ኢንዳክሽን በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ይጀምርና ሙሉ የሚሆነው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የእሷ አይኤንአር በሰባተኛው ቀን 1.9፣ በአሥራ አራተኛው ቀን 1.4 ቢሆን ከዚህ ጋር በደንብ ይገጥማል። ሪፋምፒሲን በጀመረች በማግስቱ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ ነበረብን።

መፍትሄው ሪፋምፒሲንን ማቆም አይደለም። ቲቢው መታከም አለበት። በአፍ ወደሚወሰዱት አዳዲስ የደም ማቅጠኛዎች መቀየርም አያዋጣም። እነ ሪቫሮክሳባን በሪፋምፒሲን ይወርዳሉ፣ በሩማቲክ ሕመም ቫልቯ ለጠበበ ሰው ደግሞ ተመራጩ ዋርፋሪን ነው። ስለዚህ አይኤንአርን በየሳምንቱ እየለኩ የዋርፋሪኑን መጠን ደረጃ በደረጃ መጨመር ነው። ሪፋምፒሲን ላይ ያለ ሰው ከቀድሞው ሁለት እጥፍ፣ አንዳንዴም እስከ አምስት እጥፍ ሊያስፈልገው ይችላል። እስከዚያ ደም የመርጋት ስጋቱ ከፍተኛ ከሆነ ሐኪሙ ክፍተቱን በኢኖክሳፓሪን መርፌ ይሸፍናል። ኢኖክሳፓሪን በሲፕ ኢንዛይሞች ስለማይወገድ ሪፋምፒሲን አይነካውም።

የእኛ ታካሚ 12.5 ሚሊግራም ላይ ደርሳ አይኤንአሯ 2.3 ሆነ እንበል። ሁሉም ሰው እፎይ ይላል። አደጋው ግን ገና ነው።

ችግር ሁለት፦ የቲቢ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ድድ ይደማል

ስድስት ወሩ አለቀ። ሪፋምፒሲን ቆመ። ዋርፋሪኑ ግን 12.5 ሚሊግራም ላይ ቀጠለ። በሦስተኛው ሳምንት ድዷ መድማት ጀመረ፣ ክንዷ ላይ በለዝ ወጣ። አይኤንአሯ 6.8 ነው።

አዲስ የተጨመረ መድኃኒት የለም። ለዚህ ነው "ያቆምሽው አለ?" የሚለው ጥያቄ ወሳኝ የሆነው። ሪፋምፒሲን ራሱ በአንድ ሁለት ቀን ከደም ይጠፋል። የተሠራው ትርፍ ኢንዛይም ግን በራሱ ጊዜ እስኪፈርስ ድረስ ይቆያል። ወደ ቀድሞው መጠን ለመመለስ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ 12.5 ሚሊግራሙ ቀስ በቀስ ከመጠን በላይ እየሆነ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሳምንት ልኬት ደህና ስለሚመስል ያዘናጋል።

አይኤንአር ከ4.5 እስከ 10 ሆኖ ከባድ መድማት ከሌለ አንድ ወይም ሁለት ዶዝ ይዘለላል፣ መጠኑ ይቀነሳል፣ ልኬቱ በቅርብ ይደገማል። ከ10 ካለፈ ቫይታሚን ኬ በአፍ ይሰጣል። ከባድ መድማት ካለ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ድንገተኛ ነው፤ ቫይታሚን ኬ በደም ሥር፣ ፕላዝማ ወይም የደም ማርጊያ ፋክተሮች ያስፈልጋሉ።

የተሻለው ግን እዚያ አለመድረስ ነው። የቲቢ ሕክምናው የሚያልቅበት ቀን ከመጀመሪያው ይታወቃል። ቀኑን የዋርፋሪን ካርዷ ላይ ጻፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት በየሳምንቱ እየለካችሁ ወደ ቀድሞው 5 ሚሊግራም ዝቅ አድርጉ።

ችግር ሦስት፦ ለአሜባ መድኃኒት ወሰደ፣ በሳምንቱ ደማ

ይህኛው ታሪክ ፈጣን ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሆዱን አመመው፣ ከፋርማሲ ሜትሮኒዳዞል ገዛ። በአምስተኛው ቀን አፍንጫው ደማ።

ሜትሮኒዳዞል የኤስ-ዋርፋሪንን መወገድ ያግዳል። አዲስ ኢንዛይም መሥራት አያስፈልግም፤ ያለውን ማገድ ይበቃል። ስለዚህ ኢንሂቢሽን በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። ታዲያ መድማቱ ለምን በአምስተኛው ቀን መጣ? ዋርፋሪኑ ተጠራቅሞ አዲስ ልክ ላይ እስኪደርስ ቀናት ይወስዳል። ቀድሞ የተመረቱት የደም ማርጊያ ፋክተሮችም ወዲያው አያልቁም፤ ፕሮትሮምቢን ብቻውን ሁለት ሦስት ቀን ሄዶ ነው በግማሽ የሚቀንሰው። ኢንሂቢሽኑ ቀድሞ ተከስቷል፣ አይኤንአሩ ዘግይቶ ነው የሚያሳየው።

መፍትሄው በቅድሚያ ማሰብ ነው። ኮትሪሞክሳዞልና ፍሉኮናዞልም ሲፕ2ሲ9ን ስለሚያግዱ እዚሁ ይመደባሉ። ከእነዚህ አንዱ ግድ ከሆነ የዋርፋሪኑን መጠን ከሩብ እስከ ሲሶ ቀንሶ መጀመርና ከ3 እስከ 5 ባሉት ቀናት ውስጥ አይኤንአር መለካት የተለመደ አካሄድ ነው። ኮርሱ ሲያልቅ መጠኑ ይመለሳል። አሚዮዳሮን ግን ከዚህ ይለያል። ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታትና ወራት ስለሚፈጅ፣ ከቆመ በኋላም ለረጅም ጊዜ ማገዱን ይቀጥላል።

በቃል የሚያዘው

ዝርዝሩን በፊደል ተራ መሸምደድ ቶሎ ይረሳል። እኔ የምመክረው በክሊኒክ ክፍል መያዝን ነው። የሚገርመው፣ በሦስቱም ክፍሎች ኢንዱሰሮቹ መሃል አንድ ኢንሂቢተር ተቀምጧል።

የቲቢ ክፍል፦ ሪፋምፒሲን ኢንዱሰር ነው፣ አይሶናያዚድ ኢንሂቢተር ነው። አብረው ሲሰጡ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ሪፋምፒሲን ነው።

የሚጥል በሽታ ክፍል፦ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ኢንዱሰሮች ናቸው። ቫልፕሮኤት ኢንሂቢተር ነው። ላሞትሪጂን ላይ ሲጨመር መጠኑን በጣም ስለሚያሳድገው ለከባድ የቆዳ ሽፍታ ያጋልጣል። ካርባማዜፒን ደግሞ የራሱንም መወገድ ያፋጥናል። በመጀመሪያው ሳምንት በቂ የነበረው መጠን በወሩ ላይ የሚያንሰው ለዚህ ነው።

የኤችአይቪ ክፍል፦ ኢፋቪሬንዝና ኔቪራፒን ኢንዱሰሮች ናቸው። ሪቶናቪር የሲፕ3ኤ4 ኃይለኛ ኢንሂቢተር ነው።

ከክፍሎቹ ውጭ ያሉት ኢንሂቢተሮች አዞል ፀረ-ፈንገሶች፣ ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሲሜቲዲን፣ ፍሉኦክሴቲንና የግሬፕፍሩት ጭማቂ ናቸው። አዚትሮማይሲን ከወንድሞቹ ይለያል፤ ሲፕ3ኤ4ን እምብዛም ስለማይነካ ሲምቫስታቲን ለሚወስድ ሰው ከክላሪትሮማይሲን ይሻላል። የሲጋራ ጭስ ሲፕ1ኤ2ን ያበዛል። ክሎዛፒን የሚወስድ አጫሽ ሲጋራ ሲያቆም የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ይጨምራል። ሪፋምፒሲን ሲቆም ካየነው ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው።

ችግር አራት፦ መከላከያ እያላት አረገዘች

በየቀኑ ኪኒኗን የምትውጥ ሴት፣ ወይም ክንዷ ላይ ኢምፕላንት ያስቀበረች ሴት አርግዛ መጣች። "ረስተሽ ይሆናል" ከማለታችሁ በፊት ከላይ ያሉትን ኢንዱሰሮች ፈልጉ። ሆርሞኖቹን የሚያስወግደው በዋናነት ሲፕ3ኤ4 ነው። ኢምፕላንት የሚረሳ ነገር ስላልሆነ በተለይ ኢፋቪሬንዝ የምትወስድ ከሆነ እሱን ተጠራጠሩ።

የሚያዋጣው የመዳብ ሉፕ ወይም በየሦስት ወሩ የሚወጋው ዴፖ ነው። ሉፑ ሆርሞን የለውም፣ የዴፖው መጠን ደግሞ በኢንዱሰር ተጎድቶ ውጤቱን እስኪያጣ አይወርድም። ኪኒን ላይ ቆይታ ኮንዶም የምትጨምር ከሆነ ኢንዱሰሩ ከቆመ በኋላም ለ28 ቀን ትቀጥል። ዶሉቴግራቪር ላይም ይኸው ነው። ከሪፋምፒሲን ጋር 50 ሚሊግራሙ በቀን ሁለቴ ይሰጣል፣ ሪፋምፒሲኑ ካለቀ በኋላም ሁለተኛው ዶዝ ለሁለት ሳምንት ይቀጥላል።

ችግር አምስት፦ ኮዴይን አላስታገሰም

እስካሁን ኢንሂቢተር ሲጨመር መድኃኒቱ ይበዛል ስንል ቆየን። ኮዴይን ላይ ይገለበጣል። ኮዴይን ሕመምን በዋናነት የሚያስታግሰው ሲፕ2ዲ6 ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው። ታካሚው ፍሉኦክሴቲን ወይም ፓሮክሴቲን የሚወስድ ከሆነ ኢንዛይሙ ታግዷል፣ ሞርፊኑም በበቂ አይፈጠርም። መጠኑን መጨመር አይረዳም። ወደ ትራማዶል መቀየርም አያዋጣም፤ እሱም በዚሁ ኢንዛይም ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ከፍሉኦክሴቲን ጋር ሲሆን ደግሞ ለሚጥል ሕመምና ለሴሮቶኒን መብዛት ያጋልጣል። ሕመሙ ኦፒኦይድ የሚያስፈልገው ከሆነ በቀጥታ ሞርፊን ይሰጠው።