ውጤት የሚጠጋጋው መጨረሻ ላይ ነው

ሐዋሳ ውስጥ ማርክ ለምትደምሩ መምህራን፦ በየመሃሉ አታጠጋጉ። ባለፈው ሴሚስተር አንድ ተማሪዬ “መምህር፣ ድምሬ ልክ አይመስለኝም” ብሎ መጣ። ኩዊዝ 7.4፣ አሳይመንት 11.4፣ ሚድ 21.4፣ ፋይናል 44.4 ነበረው። እኔ እያንዳንዱን ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋግቼ 83 ሰጥቼዋለሁ። እንዳለ ሲደመር ግን 84.6 ነው፤ አንዴ ሲጠጋጋ 85። በየቦታው የጣልኳት 0.4 ተጠራቅማ 1.6 ሆነች፣ ኤ የሚጀምረው ደግሞ ከ85 ነው። ልጁ እውነቱን ነበር፣ አፈርኩ።

ሁለቴ ማጠጋጋትም ያው ነው። 84.46ን መጀመሪያ 84.5 ካደረጋችሁት 85 ይሆናል፤ በቀጥታ ግን 84 ነው። ኤክሴል ላይ ነጥቦቹን እንዳሉ ትታችሁ ድምሩ ላይ ብቻ ይህን ጻፉ፦

```
=ROUND(SUM(B2:E2),0)
```