አለቃ ሲቆጣ «ለካ አልችልም» የሚያሰኙ ሦስት ስህተቶች

ሐዋሳ አዲስ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አለቃዬ የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ከባንኩ ሒሳብ ጋር ያገናዘብኩበትን የባንክ ማስታረቂያ ጠረጴዛዬ ላይ መለሰው። «900 ብር አይገጥምም። አራት ዓመት ሠርቻለሁ ያልሽው ይሄን ነው?» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሰማ። ያን ቀን ምሳ አልወረደልኝም። ማታ በሐይቁ ዳር ስሄድ በልቤ የመልቀቂያ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። «በስህተት ነው የቀጠሩኝ፣ ዛሬ ታወቀብኝ» እያልኩ።

እ.ኤ.አ. በ1978 ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ስለዚህ ስሜት ጽፈዋል። ያዩት በሥራቸው የተሳካላቸውን ሴቶች ነበር። በሽታ አይደለም። ስሜቱን ያባባስኩት ግን እኔው ነኝ።

ስለ ሥራው የተነገረውን ስለ ራስ አድርጎ መስማት። አለቃዬ የተናገረው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ስለ 900 ብር፣ አንዱ ስለ እኔ። ቤት ይዤ የገባሁት ሁለተኛውን ብቻ ነበር። በማግስቱ ወረቀት ለሁለት ከፈልኩ። በአንድ በኩል ተፈትሾ የሚታየውን፣ በሌላው ንዴቱን ጻፍኩ። 900 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ልዩነት እንዲህ ሲሆን ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። እውነትም 5,400 ብር የተጻፈ ቼክ መዝገቡ ላይ 4,500 ተብሎ ገብቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ግን የአንድ መስመር ጥፋት ነው።

ዝም ብሎ ማምሸት። ይሄኛው ይበልጥ ጎድቶኛል። ለሦስት ሳምንት ሁሉን ነገር አራት አራት ጊዜ እያየሁ አመሸሁ። ሥራው ሲስተካከል «ስላመሸሁ ነው እንጂ ስለምችል አይደለም» አልኩ። ስለዚህ ጥሩ ውጤት እንኳ ፍርሃቱን አልቀነሰውም። የሚሻለው ንዴቱ ሲበርድ፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ገብቶ መጠየቅ ነው። እኔ ዘግይቼም ቢሆን ገባሁ። «እርስዎ ጥሩ የሚሉት ማስታረቂያ ምን ይመስላል? አንድ ያሳዩኝ» አልኩት። ያልተመነዘሩ ቼኮች ከነቀናቸው እንዲዘረዘሩ፣ ልዩነት ካለም ምክንያቱ ፊት ገጹ ላይ እንዲጻፍ ይፈልጋል። በድሮ ቢሮዬ ይህ አይጠየቅም ነበር። ግማሹ ችግር የአዲሱን መሥሪያ ቤት ልማድ አለማወቅ ነበር።

የሙከራ ጊዜው እስኪያልቅ መጠበቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በ30ኛው ቀን አካባቢ «እስካሁን ምን ጎደለ?» ብሎ መጠየቅ ለማስተካከል ሌላ 30 ቀን ይሰጣል።

ወረቀቱን ለሁለት ስትከፍሉት የሚፈተሸው ጎን በየጊዜው ባዶ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ አስተያየት ሳይሆን ስድብ ነው። ቀኑንና የተባለውን ቃል ጽፋችሁ ያዙ፤ ከዚያ የሰው ኃይል ክፍልን አነጋግሩ።