«ከምግብ ጋር ይወሰድ» የተባለው የወባ ክኒን ቅባት ይፈልጋል

በጅማና በአካባቢዋ ለወባ ኮአርተም የታዘዘላችሁ ሁሉ፣ «ከምግብ ጋር ይወሰድ» የሚለው ማሳሰቢያ ጨጓራን ለመጠበቅ ብቻ የተሰጠ እንዳይመስላችሁ። በክኒኑ ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሉሜፋንትሪን በውኃ የማይሟሟ፣ በቅባት ግን የሚሟሟ ስለሆነ፣ በምግቡ ያለው ቅባትና ቅባቱን ለመፍጨት የሚፈሰው ሐሞት ካላገዙት አብዛኛው ወደ ደም ሳይገባ ከአንጀት ይወጣል፤ ትኩሳቱ የበረደለት ሰውም ከሳምንታት በኋላ ወባው ሊያገረሽበት ይችላል።

ስለዚህ ክኒኑን በሻይ ብቻ ከመዋጥ ይልቅ ቅቤው ካልወጣ አንድ ብርጭቆ ወተት ጋር፣ በጾም ደግሞ ከአቮካዶ ወይም ዘይት ካለው ሽሮ ጋር ውሰዱት። ብዙ መብላት አያስፈልግም። ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ስለሚወሰድ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የጀመረ ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መነሳት አለበትና ወተቱን አስቀድሞ ያዘጋጅ። ምግብ እምቢ ያለው በሽተኛ መድኃኒቱን አይዝለል፤ መብላት ሲችል ይብላ። በ1 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ግን ያው መጠን መደገም አለበት።

ይህን ምክር ለሌላ መድኃኒት አትጠቀሙበት፤ ለምሳሌ ሲፕሮፍሎክሳሲንን በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ያስረዋል። «በባዶ ሆድ» ሲባልም አብዛኛውን ጊዜ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ ማለት ነው። ለታይሮይድ ሌቮታይሮክሲን የሚወስድ ሰው ደግሞ ክኒኑን በውኃ ውጦ፣ ቁርሱን ብቻ ሳይሆን የጠዋት ቡናውንም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ማቆየት ይኖርበታል።