ዓመት ሲሞላችሁ ከፎቶው ስር ምን ትጽፋላችሁ?

ከአገር የወጣችሁበት ቀን ዓመት ሲደፍን ፎቶ መለጠፋችሁ አይቀርም። ከስሩ የምትጽፉትን ካፕሽን ግን ጓደኞቻችሁ ብቻ አያነቡትም። ጉዳያችሁን የያዘላችሁ ወንድም፣ እርዳታ የሚጠብቅ ዘመድ፣ ስለ እናንተ እንቅልፍ የማይወስዳት እናትም ያነቡታል። ናፍቆቱን ብቻ ከጻፋችሁ እናት ትደነግጣለች። «ሕልሜ ተሳካ» ብላችሁ የሰው መኪና ተደግፋችሁ ከቆማችሁ ደግሞ ሳይመሽ የገንዘብ ጥያቄው ይጀምራል።

ብዙዎቻችን የምንጽፈው እንዲህ ነው፦ «አንድ ዓመት! ብዙ አሳልፌያለሁ። ሁላችሁም ናፍቃችሁኛል።» «ብዙ አሳልፌያለሁ» የሚለው አባባል ምን እንደደረሰባችሁ ለአንባቢው ግምት ይተወዋል፣ ቤተሰብ ደግሞ የሚገምተው ክፉ ክፉውን ነው። «ሁላችሁም» ሲባልም ማንም ለእኔ ነው አይልም።

አሁን ይኼን እዩት፦ «ደህና ነኝ፣ ዛሬ ዓመት ሞላኝ። ስመጣ ስልክ ሲጠራ የሚያነሳልኝ ሰው ፍለጋ እሮጥ ነበር። ትናንት ቧንቧው ሲያፈስ ባለሙያውን ራሴ ደውዬ ጠራሁት። አንዴ አስደገመኝ፣ ደገምኩለት፣ ገባው። ስልኩን ስዘጋ መጀመሪያ ልነግረው ያሰብኩት አባቴን ነበር፤ እዚያ ግን ሌሊት ነው።»

እዚህ ላይ ኩራቱም ናፍቆቱም ከአንድ ስልክ ወጡ። የተገኘው ድል ዕቃ ሳይሆን ችሎታ ስለሆነ ማንም ካላችሁ ላይ አካፍሉኝ አይልም። በቧንቧ ሠሪው ፈንታ የሐኪም ቀጠሮ ብታደርጉት ግን እናት ድሉን ትታ «ምን አመመህ?» ነው የምትለው። «ደህና ነኝ» መጀመሪያ የገባውም ያለ ምክንያት አይደለም። ኢንስታግራም እስከ 2,200 ፊደልና ምልክት ቢፈቅድም ሰው ሳይነካው የሚታየው የመጀመሪያው መስመር ነው።

ፎቶውንም አደራ። ብዙ ሰው በራሱ ስም የተከራየውን ቤት ቁልፍ ከፍ አድርጎ ይነሳል፤ ደስታው ይገባኛል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2008 በሳን ዲዬጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቁልፍ ፎቶ ብቻ ተመሳሳይ ቁልፍ መቅረጽ እንደሚቻል አሳይተዋል። የቁልፉን ጥርስ በእጃችሁ ሸፍኑት። የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ደግሞ ቁጥሩና የልደት ቀኑ ስላለበት ጨርሶ አይለጠፍ። ፌስቡክ ላይ ማን እንደሚያይ ለእያንዳንዱ ልጥፍ መምረጥ ይቻላል፤ የሚያየው ሰው ስክሪኑን ፎቶ ከማንሳት ግን የሚያግደው የለም።

ከመለጠፋችሁ በፊት ለእናት ደውሉ፤ ዓመት መሙላታችሁን ከጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ ማየት የለባትም። ከለጠፋችሁ በኋላ «መቼ ነው የምትመጡት?» መባላችሁ አይቀርም። ትኬት ካልቆረጣችሁ ቀንም ወርም አትጻፉ፤ አገር ቤት ሠርግም፣ የቤት እድሳትም፣ ብድርም በዚያ ቀን ይቆረጣል። ጠያቂውን አመስግኑና መልሱን ለብቻው በስልክ ንገሩት።